የዐለት ቀዳሚና ተከታይ፦ ከአዲግራት እስከ መቅደላ

በአንድ ገደል ላይ የተጋለጡ ዐለቶችን ዕድሜ በሁለት መንገድ መናገር ይቻላል። አንደኛው በቁጥር ነው፤ ይህ ዐለት ይህን ያህል ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል ማለት። ሁለተኛው በተራ ነው፤ ይህኛው ይቀድማል፣ ያኛው ይከተላል ማለት። ቁጥሩ ቤተ ሙከራ፣ ውድ መሣሪያና ለልኬት የሚመች ማዕድን ይጠይቃል። ለተራው ዓይን፣ መዶሻና ትዕግሥት ይበቃዋል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች አስተማማኝ ቁጥር ያገኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ተራውን ግን ከዚያ በፊት አብዛኛውን አጠናቀውት ነበር።

ተራው የሚታወቀው በዋናነት በሁለት ሕጎች ነው። አንደኛው የመነባበር ሕግ ነው፦ ካልተገለበጠ በቀር ከታች ያለው ንብብር ከላይ ካለው ይቀድማል። ሁለተኛው የማቋረጥ ሕግ ነው፦ አንድን ዐለት ሰንጥቆ የገባ፣ ሰብሮ ያለፈ ወይም ሸርሽሮ የቆረጠ ነገር ሁሉ ከተቆረጠው ዐለት በኋላ የመጣ ነው፤ ገና ያልነበረ ነገር አይቆረጥምና። ሁለቱም ሲነገሩ ማንም ከልጅነቱ የሚያውቃቸው ይመስላሉ። ጭንቁ የሚመጣው ገደሉ ሥር ቆሞ የትኛው ንብብር በተራው እንደተቀመጠ፣ የትኛው ደግሞ በኋላ ሰርጎ እንደገባ መለየት ሲያስፈልግ ነው።

የመነባበርን ሕግ በጽሑፍ ያሰፈረው የዴንማርክ ተወላጁ ኒኮላስ ስቴኖ ነው። ስቴኖ በሙያው የአካል ክፍሎች ተመራማሪ ሲሆን በጣሊያን ፍሎረንስ በመስፍኑ በዳግማዊ ፈርዲናንድ ደ ሜዲቺ ድጋፍ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1666 ሊቮርኖ አጠገብ የተያዘ ትልቅ ሻርክ ራስ እንዲመረምር ተሰጠው። የሻርኩ ጥርስ በተራራ ዐለት ውስጥ ከሚገኙትና ሰዎች የድንጋይ ምላስ ከሚሏቸው ነገሮች ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከጥርሱ ወደ ዐለቱ ዞረ። ጠጣር ጥርስ ጠጣር ዐለት ውስጥ የገባው ዐለቱ አንድ ጊዜ ለስላሳ ደለል ስለነበረ ነው ብሎ ደመደመ።

እ.ኤ.አ. በ1669 ባሳተመው አጭር መጽሐፍ ነገሩን እስከ መጨረሻው ገፋበት። ደለል ከውኃ ውስጥ ሲዘቅጥ ከሥሩ የሚያርፍበት ጠጣር ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የታችኛው ንብብር ሲጠነክር የላይኛው ገና ውኃ ነበር። ደለል ሲያርፍ በአግድም ይተኛል፤ ስለዚህ አጋድሎ የሚታይ ንብብር ከተቀመጠ በኋላ የተነቃነቀ ነው። ደለል ዳር እስኪያገኝ ወይም እስኪሳሳ ድረስ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ስለዚህ በሸለቆ ግራና ቀኝ የሚታዩ ተመሳሳይ ንብብሮች ቀድሞ አንድ ነበሩ። ንብብርን የሚያቋርጥ ነገርም ከንብብሩ በኋላ የመጣ ነው። ስቴኖ በእነዚህ ሐሳቦች የቶስካናን መልክዓ ምድር ታሪክ በስድስት ደረጃ ከፍሎ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ክህነት ገብቶ ጳጳስ ሆነ፤ ወደ ዐለቱ አልተመለሰም።

ሕጎቹ ያለ ምንም የዕድሜ መለኪያ ምን ያህል እንደሚያስኬዱ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በኢትዮጵያ ነው። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ባለሙያ አብሮ መጥቶ ነበር። ብላንፎርድ የሕንድ ሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጦሩ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በሕንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አድርጎ መቅደላ ሲደርስ፣ እርሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ዐለት እየመረመረ ሄደ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አወጣ። ለዐለቶቹ የሰጣቸው ስሞች የተወሰዱት ከዚሁ መንገድ ነው፦ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌ ላቫዎች፣ የመቅደላ ላቫዎች። አንታሎ ዛሬ ሕንጣሎ የሚባለው ቦታ ነው። ስሞቹ እስከ ዛሬ በሥነ ምድር ካርታ ላይ አሉ።

የስሞቹ ቅደም ተከተል ከመንገዱ ቅደም ተከተል ጋር መግጠሙ ሊያሳስት ይችላል። ብላንፎርድ የአዲግራትን ድንጋይ አሮጌ ያለው በመንገዱ ላይ ቀድሞ ስላገኘው አይደለም፤ ማስረጃው መገናኛው ነው። የአሸዋ ድንጋዩ አናት የኖራ ድንጋዩን ግርጌ የሚነካበት ቦታ ተፈልጎ መገኘትና የኖራ ድንጋዩ በላዩ ማረፉ በዓይን መታየት አለበት። የኖራ ድንጋዩ አናት ላቫውን የሚሸከምበት ሌላ ቦታም እንዲሁ። ሀ ከለ በታች፣ ለ ከሐ በታች ከሆኑ፣ ሀና ሐ በአንድ ገደል ላይ ባይታዩ እንኳ ሀ ከሐ ይቀድማል። የሰሜን ኢትዮጵያ ዐለት ተራ የተገጣጠመው በእንዲህ ያለ ሰንሰለት ነው።

ከሁሉም በታች ያለው መሠረት ከአሸዋ ድንጋዩ ጋር የሚገናኝበት ሁኔታ ለብቻው መታየት ይገባዋል። መሠረቱ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ዐለት ነው። ቅጠል ቅጠሉ በብዙ ቦታ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በላዩ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ግን በአግድም ተኝቷል፤ የቆመው ዐለት ጫፍ ጫፉን ተቆርጦ ጠፍጣፋው ከላዩ የተዘረጋ ይመስላል። በስቴኖ አስተሳሰብ ከተነበበ ይህ አንድ መስመር በርካታ ክንውኖችን ይዟል። መሠረቱ መጀመሪያ ደለልና ላቫ ሆኖ ተቀመጠ፤ በጥልቀት ተቀብሮ ተለወጠ፤ ታጥፎ ቆመ፤ ወደ ላይ ወጥቶ በዝናብና በወንዝ ተሸረሸረ፤ ጠፍጣፋ ሜዳ ከሆነ በኋላ አሸዋ ለበሰ። ሽርሸራውም እንደ ማንኛውም ቆራጭ ይቆጠራል፦ ከቆረጠው መሠረት በኋላ፣ ከሸፈነው አሸዋ በፊት ነው። በመገናኛው ላይ የጠፋው ጊዜ በመቶ ሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ይለካል፤ ዐለቱ ላይ ግን የሚታየው የጣት ስፋት የማይሞላ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል።

መገናኛውን የሚያጠናክር ሌላ ምስክር አለ። በአሸዋ ድንጋዩ ግርጌ አንዳንዴ የመሠረቱ ዐለት ጠጠሮች ይገኛሉ። ጠጠሩ የወጣበት ዐለት ጠጠሩን ከያዘው ዐለት የግድ ይቀድማል። ይህ የማቋረጥ ሕግ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ንብብሮች በዛፍና በአፈር ተሸፍነው መገናኛው በማይታይበት ቦታ አንዲት ጠጠር ክርክሩን ትቆርጣለች።

ይኸው ተራ ወደ ደቡብ ርቆ በዓባይ ሸለቆም ይታያል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ በሚሆን ገደል ላይ የተቆረጠ ነው። ወንዙ አጠገብ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አለ። በላዩ ጂፕሰምና ስስ የጭቃ ድንጋይ ይፈራረቃሉ፤ ይህ ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ ፀሐይ እየመታው ሲተን የተወው ነው። ከዚያ በላይ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ዛጎልና የመሳሰሉትን ቅሪተ አካላት የያዘ ወፍራም የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች ያመጡት ጭቃና አሸዋ አለ። አናቱን የያዘው ጥቁር ባሳልት ነው። ከጎሃ ጽዮን የሚወርድ መኪና ወደ ኋላ፣ ወደ ደጀን የሚወጣ ደግሞ ወደፊት በጊዜ ይጓዛል። ማዶና ማዶ ያለው ተራ አንድ በመሆኑም ሸለቆው ከመቆረጡ በፊት ንብብሮቹ የተያያዙ እንደነበሩ ይታወቃል።

ከታች ወደ ላይ የሚነበበው የባሕሩ ታሪክ ነው፦ በመጀመሪያ የብስ፣ ቀጥሎ የሚተን ዳርቻ፣ ቀጥሎ ጥልቅ ባሕር፣ እንደገና የብስ፣ በመጨረሻም እሳተ ገሞራ። ንብብሮቹ ተገልብጠው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ተገልብጦ ይነበብ ነበር። አለመገልበጣቸው በምን ይታወቃል?

ደለል የራሱን አናትና ግርጌ የሚያመለክት ምልክት ይተዋል። ጭቃ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ስንጥቅ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች ጠባብ ነው፤ የሚሞላውም ከላይ በመጣ አሸዋ ነው። ማዕበል በአሸዋ ላይ የሚተወው ሽንሽን ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ ክብ ጎኑን ወደ ታች ያደርጋል። ጎርፍ ያመጣው ደለል ሲረጋ ጠጠሩ ቀድሞ፣ ደቃቁ ኋላ ይዘቅጣል። የላቫ ፍሰት ደግሞ ሲረጋ የጋዝ አረፋዎቹ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፉ አናቱ ባለ ብዙ ቀዳዳ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ ሁለት ሦስቱ በአንድ ገደል ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ግን ክርክር አይኖርም። በኢትዮጵያ ደጋ ያለው ንብብር አብዛኛው በአግድም የተኛ በመሆኑ ይህ ፈተና ቀላል ነው።

ቀላል ያልሆነበት ቦታ የስዊዘርላንዱ የግላሩስ ተራራ ነው። በዚያ ተራራ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው አሮጌ ዐለት ዕድሜው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በማይበልጥ አዲስ ዐለት ላይ ተቀምጧል፤ መገናኛውም ከሩቅ እንደ ተሰመረ መስመር ይታያል። የስዊሱ ተመራማሪ አርኖልድ ኤሸር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነገሩን አይቶ አመነ፤ ለማስረዳት ግን ሁለት ታላላቅ እጥፋቶች ተገናኝተው ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ማርሴል በርትራንድ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ፦ አሮጌው ዐለት በአንድ ግዙፍ ስብራት ላይ ተንሸራቶ አዲሱን ጋልቦታል። የመነባበር ሕግ የሚናገረው ስለ መቀመጥ ነው፤ ዐለት ከተቀመጠ በኋላ ተገፍቶ ስለሚደርስበት ቦታ አያውቅም። እንዲህ ያለውን መገናኛ የሚያጋልጠው በመካከሉ የተፈጨና የተወለወለ ዐለት መገኘቱና ቅሪተ አካላቱ ከተራቸው መውጣታቸው ነው።

በኢትዮጵያ የሚያጋጥሙት ወጥመዶች ከዚህ ያነሱ ቢሆኑም አይናቁም። በዓባይ ሸለቆ የመሬት መንሸራተት የተለመደ ነው። ከአናት የወረደ የባሳልት ቁልል ከኖራ ድንጋዩ ግርጌ አጠገብ ተቀምጦ ሲታይ፣ ለቸኮለ ተመልካች ከኖራ ድንጋዩ የቀደመ ላቫ ይመስላል። ልዩነቱ ቀረብ ሲባል ይታወቃል፦ የተንሸራተተው ተሰባብሯል፣ ጋደል ብሏል፣ ከአፈር ጋር ተደባልቋል፣ ወደ ገደሉ ውስጥ አይዘልቅም። ሁለተኛው ወጥመድ ከፍታን ከመነባበር ጋር ማምታታት ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወረወርበት ላቫ በሥነ ምድር አቆጣጠር የቅርብ ጊዜ ነው፤ ከፍ ብለው ከሚታዩት የጥንት ባሳልት ተራሮች በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያንሳል። ዝቅ ብሎ የተገኘው የቆየ ሸለቆ ይዞ ስለፈሰሰ ነው። ሕጉ "ዝቅ ያለው ይቀድማል" አይልም፤ "የተሸከመው ከተጫነው ይቀድማል" ይላል።

የማቋረጥ ሕግ ዝነኛ የሆነው በስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን ነው። በዘመኑ ብዙዎች ግራናይት ከጥንቱ ውቅያኖስ መጀመሪያ የዘቀጠ፣ ከሁሉም የቀደመ ዐለት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኸተን ግን ግራናይት ከቀለጠ ዐለት የረጋ ነው ብሎ ስለጠረጠረ እ.ኤ.አ. በ1785 ግሌን ቲልት ወደሚባል የስኮትላንድ ሸለቆ ሄደ። በወንዙ መውረጃ ላይ ቀይ ግራናይት በጥቁሩ ዐለት ስንጥቆች ውስጥ ገብቶ እንደ ሥር ተዘርዝሮ አገኘው። ጥቁሩ ዐለት ቀድሞ ባይኖር ኖሮ የሚሰነጠቅ ነገር አይኖርም ነበር፤ ስለዚህ ግራናይቱ ታናሽ ነው። በአንድ ቀን ምልከታ የወደቀው የዐለቱ ዕድሜ ብቻ አልነበረም፤ የውቅያኖሱ ንድፈ ሐሳብም አብሮ ተናጋ።

በመቀሌ ዙሪያ ይህ ሕግ ከመነባበር ሕግ ጋር ይጋፈጣል። በዚያ አካባቢ የአንታሎ የኖራ ድንጋይና በላዩ ያለው የአጉላ ስስ የጭቃ ድንጋይ በሰፊው ይታያሉ። በመካከላቸው ዶሌራይት የሚባል ጥቁር ጠንካራ የእሳት ዐለት አለ። በአንዳንድ ቦታ እንደ ግንብ ቆሞ ንብብሮቹን በጎን ይቆርጣል፤ ይህ አያከራክርም፣ ቆራጩ ታናሽ ነው። በሌላ ቦታ ግን ዶሌራይቱ በሁለት ንብብሮች መካከል በአግድም ተዘርግቶ፣ ራሱ አንድ ንብብር መስሎ ይገኛል። የመነባበር ሕግ ሳይጠነቀቁ ከተጠቀሙበት ይህ ጥቁር ጠፍጣፋ ዐለት ከታቹ ካለው የኖራ ድንጋይ በኋላ፣ ከላዩ ካለው በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው ያሰኛል። ያን ጊዜ በጁራሲክ ዘመን፣ በዚያ ባሕር መካከል እሳተ ገሞራ ነበረ ተብሎ ሊጻፍ ነው።

ጥያቄው የሚፈታው በመገናኛው ላይ፣ ከክንድ ባልራቀ ስፋት ውስጥ ነው። ላቫ በምድር ገጽ ላይ ሲፈስ የሚያቃጥለው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው፤ ከላዩ ያለው ደለል የመጣው ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ ነውና እሳት አልነካውም። ሰርጎ የገባ ቅልጥ ዐለት ግን ከሥሩም ከላዩም ያለውን ያቃጥላል። ስለዚህ ባለሙያው የሚሄደው ወደ ዶሌራይቱ አናት ነው። ከአናቱ በላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ተለውጦ፣ ሲሰበር እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ እብነ በረድ ቢጤ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም የጭቃ ድንጋዩ ጠንክሮ በመዶሻ ሲመታ የሚጮህ ከሆነ፣ እሳቱ ከታች መጥቷል፤ የላይኛው ዐለትም ያን ጊዜ በቦታው ነበረ ማለት ነው።

የዶሌራይቱ የራሱ ጠርዝም ይመሰክራል። ቅልጥ ዐለት ቀዝቃዛ ዐለት ሲነካ በፍጥነት ስለሚረጋ ማዕድኖቹ ለማደግ ጊዜ አያገኙም። መካከሉ ላይ ነጫጭና ጥቋቁር የማዕድን ቅንጣቶች በዓይን ሲለዩ፣ ወደ ጠርዙ ሲቀርቡ እየደቀቁ ሄደው በማጉያ መነፅር እንኳ ያስቸግራሉ። ይህ የደቀቀ ጠርዝ ከታችም ከላይም ካለ ሰርጎ ገብ ነው። የላቫ ፍሰት ግን አናቱ ቀዳዳ የበዛበት፣ ብዙ ጊዜም በፀሐይና በዝናብ የቀላ አፈር የለበሰ ነው። በላዩ የተኛው ደለል የላቫውን ጠጠር ይዞ ከተገኘ ላቫው በእርግጥ ቀድሟል፤ በተቃራኒው የላይኛው ዐለት ስባሪ በጥቁሩ ዐለት ውስጥ ተውጦ ከተገኘ የገባው በኋላ ነው። በመጨረሻም ሰርጎ ገቡን በጎን መከተል ይጠቅማል። ላቫ በአንድ ደረጃ ላይ ተዘርግቶ ያልቃል፤ ሰርጎ ገብ ግን የሆነ ቦታ ላይ ንብብሩን ሰብሮ ወደ ሌላ ደረጃ ይዘላል። ያቺ የዝላይ ቦታ ከተገኘች የማቋረጥ ሕግ ፍርዱን ሰጥቷል።

በመቀሌ ዙሪያ ያለው ዶሌራይት ሰርጎ ገብ ነው። በኬሚካዊ ይዘቱ የሚዛመደው ከደጋው ባሳልቶች ጋር ነው፤ ዘመኑም የእነርሱ ነው። የተኛበት የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ በመሆኑ ዶሌራይቱን በላቫነት ተሳስቶ የሚቆጥር ሰው ስሕተቱ ከ100 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ሁለቱ ሕጎች የተጋጩ ሲመስል ሁልጊዜ የሚረታው የማቋረጥ ሕግ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰርጎ ገብ ዐለት ከላይ ስላልተቀመጠ የመነባበር ሕግ ከመጀመሪያውም አይመለከተውም።

ስብራትም እንዲሁ ይዳኛል። ንብብሮችን ሰብሮ አንዱን ጎን ዝቅ ያደረገ ስብራት ከሰበራቸው ሁሉ ያንሳል። ስብራቱ እየወጣ መጥቶ አንድ ንብብር ሥር ሲደርስ ከቆመና ያ ንብብር ሳይሰበር ካለፈ፣ ስብራቱ ከዚያ ንብብር በፊት ሥራውን ጨርሷል። እንዲህ በሁለት ወገን ሲከበብ ዘመኑ ይታወቃል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ስብራት እንደ ሰርጎ ገብ አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። የቆየ ስብራት ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና ሊንቀሳቀስ ይችላል። ያን ጊዜ የላይኛውን ንብብር በትንሹ፣ የታችኛውን በብዙ ይሰብራል። የታችኛው ንብብር 100 ሜትር፣ የላይኛው 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ 90 ሜትሩ የተሠራው የላይኛው ከመቀመጡ በፊት ነው። ስብራቱ አዲስ ነው ብሎ መደምደም ትክክለኛው የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው።

የመቀሌው አካባቢ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ምዕራፍ አለው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ስሙ የሚታወቀው አምባ አራዳም ለአንድ የአሸዋ ድንጋይ ስሙን ሰጥቷል። ይህ ድንጋይ በአንድ ቦታ በአጉላ የጭቃ ድንጋይ ላይ ያርፋል፤ በሌላ ቦታ የአጉላው ድንጋይ ጭራሽ የለም፤ የአምባ አራዳሙ በቀጥታ በአንታሎ የኖራ ድንጋይ ላይ ተኝቷል። ለዚህ የሚስማማው መልስ ከአጉላ በኋላ ምድሪቱ ከፍና ዝቅ ብላ፣ ከፍ ያለው ክፍል አጉላውን በሽርሸራ አጥቶ፣ በተስተካከለው ገጽ ላይ የአምባ አራዳሙ አሸዋ ዘነበበት የሚለው ነው። በላዩ ደግሞ ባሳልቱ ከመፍሰሱ በፊት ረጅም ጊዜ አልፏል፤ በብዙ ቦታ በሁለቱ መካከል ያለው ቀይ የበሰበሰ አፈር የዚያ ዘመን የምድር ገጽ ነው።

እንግዲህ የአካባቢው ተራ ከታች ወደ ላይ ይገነባል። መሠረቱ ተቀመጠ፣ ታጠፈ፣ ተሸረሸረ። የአዲግራት አሸዋ ሸፈነው። ባሕር መጥቶ አንታሎን፣ ሊሸሽ ሲል አጉላን ተወ። ምድሪቱ ተነቃነቀች፣ ተሸረሸረች። የአምባ አራዳም አሸዋ ተዘረጋ። ገጹ በስብሶ ቀላ። ላቫው ፈሰሰ። ዶሌራይቱ የት ይገባል? አንታሎንና አጉላን ስለቆረጠ ከእነርሱ በኋላ ነው። ከአምባ አራዳም አሸዋ ጋር በማይነካካበት ቦታ ግን ሁለቱ ሕጎች ዝም ይላሉ። ከአጉላ በኋላ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈውን የሚናገረው የቤተ ሙከራ ልኬት ነው። ሐቀኛ ካርታ ሠሪም እንዲህ ያለውን ቦታ ክፍት ይተወዋል።

ሌላው ወሰናቸው ርቀት ነው። የመነባበር ሕግ የሚሠራው በአንድ ዓምድ ውስጥ ነው። ባሕሩ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ቀስ እያለ ስለሆነ፣ በደቡብ የኖራ ጭቃ ሲዘቅጥ በሰሜን ገና ወንዝ አሸዋ ያመጣ ነበር። ስለዚህ በትግራይ ያለው የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ አናት በሩቅ ደቡብ ካለው የባሕር ድንጋይ ጋር እኩያ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቦታ አሸዋው ከኖራው በታች ነው፤ ሕጉ በሁለቱም ቦታ ትክክል ነው፤ አሸዋው ሁሉ ከኖራው ሁሉ ይቀድማል የሚለው ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው። ሩቅ ዓምዶችን የሚያገናኘው ቅሪተ አካል ወይም የተለካ ዕድሜ ነው። ብላንፎርድም የአንታሎን ድንጋይ ከአውሮፓ የጁራሲክ ድንጋይ ጋር ያገናኘው በያዛቸው ቅሪተ አካላት ነው።

የብላንፎርድ ሥራ በኋላ ተፈትኗል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ካርታ ሠሪዎች እርሱ በአዲግራት ስም ከጠቀለለው ሥር ከዚያ እጅግ የቆዩ የበረዶ ግግር ዘመን ደለልና ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ለይተው አወጡ። የአሸንጌና የመቅደላ ላቫዎች ድንበርም እርሱ እንዳሰበው በየቦታው ንጹሕ መስመር ሆኖ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ልኬት የደጋውን ባሳልት ዋና ቁልል 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲያደርገው፣ ያ ሁሉ ላቫ የፈሰሰው 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ መሆኑን አሳየ። አሸዋ፣ ኖራ፣ ላቫ የሚለው ዋናው ተራ ግን አልተነካም።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ሁለቱ ሕጎች ሊለካ የማይችለውን ነገር ዕድሜ ለመገደብ ያገለግላሉ። አሸዋ በራሱ አይለካም፤ ቅንጣቶቹ ከሌላ አሮጌ ዐለት የመጡ ናቸውና ልኬቱ የእናት ዐለቱን ዕድሜ ይሰጣል። የእሳተ ገሞራ አመድ ግን ይለካል። በአፋር ሐዳር ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የተገኘችበት ደለል ዕድሜ የታወቀው ከበላዩና ከበታቹ ያሉ የአመድ ንብብሮች ተለክተው ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚለው ቁጥር የመጣው ከእርሷ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው አመድ ነው። ሸለቆም እንዲሁ በራሱ አይለካም፤ የጠፋ ዐለት ነውና። የዓባይ ሸለቆ ግን የ30 ሚሊዮን ዓመቱን ባሳልት ቆርጦ ያለፈ በመሆኑ ከዚያ ቀን በፊት ሊጀመር አይችልም። ወንዙ ከዚያ በኋላ መቼ መቁረጥ እንደጀመረና በየትኛው ዘመን እንደፈጠነ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።